መጋዝን ደጅ ማስለመድ

ባሌ ቡችላውን በካርቶን ይዞ ሲገባ አፌ ውስጥ የሶፋ ምስማር ሞልቶ ነበር። አንድ እጄ ጨርቅ ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ምስማሩን ከአፍ እየወሰደ ይመታል፤ ሥራችን እንዲህ ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ማለት በሚገባኝ ሰዓት አልቻልኩም። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ተፍቼ እስክጨርስ ቡችላው ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ወርክሾፑን ዞሮ፣ ሰጋቱራው ላይ ሸንቶ፣ አባዬ እግር ሥር ተኝቷል።

«ለአባትሽ ጓደኛ ይሆነዋል» አለ ባሌ።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሐሳብ ያመጣና መንገድ ይሄዳል። ሐሳቡን አብልቶ አጠጥቶ የሚያሳድገው ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አባዬ አናጢ ነበር። ወርክሾፑም፣ ከላይ ያለው መኖሪያችንም፣ ሁለቱን የሚያገናኘው የእንጨት ደረጃም የእጁ ሥራ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማሽኑ አጠገብ እንዳይደርስ ከለከልኩት፤ ጣቶቹን እፈልጋቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንጨቱ ለቅጥር ሠራተኛ፣ የሶፋና የወንበር ልባሱ ለእኔ ሆነ፣ አባዬ ደግሞ ፎቅ ላይ ባለው ባለመደገፊያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መስኮት ማየት ያዘ። ምሳ ሲቀርብለት «ቆይ» ይላል። እራት ሲቀርብለትም «ቆይ» ይላል። ሰው በቁሙ እንዲህ ሲያልቅ ማየት በጣም ያደክማል። እናደድበት ነበር፤ ከዚያ በመናደዴ እናደድ ነበር።

ቡችላው በመጣ ማግስት ግን ሳልቀሰቅሰው ተነሣ። ሸሚዙን ራሱ ቆልፎ፣ ደረጃውን ይዞ ወረደና «የት አለ ያ መጋዝ?» አለ።

መጋዝ ያለው በጥርሱ ምክንያት ነው። ስሙም በዚያው ጸና። እኔም ያን ቀን አፌን ዘጋሁ። አባቴን ከአልጋው የሚያስነሣ ነገር ከተገኘ፣ ጅራት ቢኖረውም ባይኖረውም አላባርረውም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ለራስ መንገር ቀላል ነው።

መጋዝ በመጀመሪያ የደረጃውን ጫፍ በላ። ቀጥሎ የጠረጴዛዬን እግር። ከዚያ የጥርስ ሐኪሙን ወንበር። ጥርስ ሐኪሙ ከአያቱ የወረሰውን ወንበር ልባሱ እንዲታደስለት ሰጥቶኝ ነበር፤ ልባሱን አድሼ፣ አምሮልኝ፣ ዞር ብዬ ስመለስ የፊት እግሩ እንደ በቆሎ ተግጧል። ሰውዬውን ጠርቼ አሳየሁት። ተንበርክኮ የተነከሰውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰና «አነካከሱ ጥሩ ነው፣ መንጋጋው ቀጥ ያለ ነው» አለ። ቀልዱን ተረዳሁለት። ግን ወንበሩን ለሁለተኛ ጊዜ ስሠራ አልሳቅኩም።

የሽንቱ ነገር ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። መንገዱን ተሻግሮ ሣር አለ። እዚያ ወስጄው እቆማለሁ። መጋዝ መኪና ያያል፣ ቅጠል ያሸታል፣ የሰው ጫማ ያሸታል፣ ወዲህ ይመጣል፣ ወዲያ ይሄዳል። ፀሐይ አናቴን ትመታኛለች፣ ሥራዬ ከኋላዬ ይከመራል። ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ የወርክሾፑን ደፍ አልፎ ሰጋቱራውን በረገጠበት ቅጽበት ቁጭ ብሎ ይለቀዋል። ዓይኔን እያየ! ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ ንከሪው፣ ያኔ ይገባዋል» አለችኝ። ነከርኩት። ጮኽኩበትም፤ እኔ ስጮህ መንገዱ ማዶ ይሰማል። አባዬ ደረጃው ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጋዝ ከተጠቀለለው ስፖንጅ ጀርባ ተደብቆ መሽናት ጀመረ። ሣሩ ላይማ ጭራሽ፣ እኔ ካለሁ ጠብ አያደርግም።

ለክትባት ከአባዬ ጋር ስንወስደው ለእንስሳት ሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት። ወጣት ናት፣ እሷም የደከማት ትመስላለች፤ ከኋላችን ድመት የታቀፈ፣ በግ የሚጎትት፣ ሰልፍ ነበር።

«እርስዎ ቤት ውስጥ መሽናት መጥፎ ነው ብለው ያስተማሩት ይመስልዎታል» አለችኝ። «እሱ የተማረው ግን እርስዎ ፊት መሽናት መጥፎ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ይደበቃል። ውጭም እርስዎ ስላሉ ይይዘዋል። ቁጣውን ይተዉት። ካለፈ በኋላ ቢቆጡት ምን እንዳጠፋ አያገናኘውም።»

«እሺ፣ ሰጋቱራው ላይ የሚሮጠውስ?»

«ከመጣ ጀምሮ እግሩ የለመደው እሱን ነው። ሣር ለእሱ መፀዳጃ አይደለም። ከሸናበት ሰጋቱራ ትንሽ ይዘው ሣሩ ላይ ይበትኑለት። ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው እዚያው ቦታ ያውጡት። ሲጨርስ እዚያው ያመስግኑት፣ ትንሽ የሚበላ ይስጡት። ቤት ከገቡ በኋላ ከሆነ ምስጋናው ለመግባቱ ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ያመለጠውን በሳሙና አጥበው ኮምጣጤ በውሃ ይድገሙበት። በበረኪና ቢያጥቡት እርስዎ ጠፋ ይላሉ እንጂ ለእሱ አፍንጫ አይጠፋም።» ከዚያ አፉን ከፍታ ድዱን አየች። «ጥርስ ሊቀይር ነው፣ ያሳክከዋል። የሚያኝከው ምን ትሰጡታላችሁ?»

አባዬ የጣሪያውን መብራት ማየት ጀመረ።

«አባዬ?» አልኩ።

«የወንበር እግር» አለ አባዬ ቀስ ብሎ። «ስብርባሪ ነው። ከቁርጥራጭ ሳጥኑ ነው የምሰጠው።»

ሐኪሟ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ታዲያ አባባ፣ የትኛው የወንበር እግር የእሱ፣ የትኛው የደንበኛ እንደሆነ በምን ይወቀው? ደግሞ ስንጣሪው ድዱን ይወጋዋል፣ አንጀቱንም ይጎዳል። የጎማ አሻንጉሊት ይስጡት፣ ወይም እርጥብ ጨርቅ ቋጥረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩለት፤ ቅዝቃዜው ድዱን ያስታግሰዋል። የማይነካውን ነገር ሲይዝ በዚያ ይለውጡለት።»

የአባዬ ጆሮ ቀልቷል። ዕድሜውን ሁሉ የወንበር እግር የቀረጸ ሰው ለሚወደው ነገር ምን ይስጥ? ይህ አሁን የማስበው ነው። ያን ቀን ግን በመንገድ ላይ «እኔ ነኛ ያበላሸሁት» ሲለኝ፣ እግሬ ዝሎ፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ዓይኔ ላይ ቆሞ፣ «አዎ፣ አንተ ነህ» አልኩት።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ አድካሚ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ሰጋቱራ በቆርቆሮ ይዤ መንገድ ስሻገር ያየኝ ሁሉ ምን እንዳሰበ አላውቅም። መጋዝ ሲነቃ ወደ ውጭ። ሲበላ ወደ ውጭ። ምስማር አፌ ውስጥ እያለ መሬት እያሸተተ መዞር ከጀመረ፣ ምስማሩን ትፍ፣ ወደ ውጭ። ዓይኔ የማይደርስበት ጊዜ ሲሆን ከጠረጴዛዬ እግር ጋር በአጭር ገመድ አስረዋለሁ። ሥራዬ ተንቀረፈፈ። አባዬ ቁርጥራጭ ሳጥኑን ዘግቶ ላዩ ላይ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ጨርቅ መቋጠሩን እሱ ያዘ። ጣቶቹ ለቋጠሮ እምቢ ሲሉት በጥርሱ እያገዘ ይቋጥር ነበር።

መጋዝ መጀመሪያ ሣሩ ላይ የሸናው አንድ ጠዋት ከቁርሱ በኋላ ነው። ሰጋቱራውን አሸተተ፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ቁጭ አለ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። አባዬ እስኪጨርስ ጠበቀና «ጎበዝ! ጎበዝ! የኔ ጀግና!» ብሎ መንገዱን አቀለጠው። አንድ ብስክሌተኛ ለእሱ የተባለ መስሎት እጁን አነሣ። አባዬ ሲስቅ አየሁ። ስንት ጊዜዬ ነው አባቴ ሲስቅ ካየሁ? ልቤ ደስ አለው፣ እውነቱን ልናገር፣ ለሽንት ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰጋቱራውን በየቀኑ እየቀነስኩ መጣሁ፣ በመጨረሻ ያለ ሰጋቱራም ሣሩ ላይ መሽናት ለመደ። በር ላይ ቆሞ ማልቀስም ተማረ። የወንበር እግር ሲያይ ወደ ጨርቁ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ግን ይሄዳል። ተገላገልኩ ብዬ ትከሻዬን አሳረፍኩ።

ያኔ ነው የአባዬ ወንበር መርጠብ የጀመረው።

አንድ ከሰዓት ሻይ ይዤ ስወጣ አባዬ መስኮት አጠገብ ቆሟል፣ የባለመደገፊያ ወንበሩ መቀመጫ እርጥብ ነው፣ መጋዝ አጠገቡ ተኝቷል። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሐኪሟ ያለችኝ ሁሉ ከአናቴ በኖ ጠፋ። «አንተ እፍረተ ቢስ! ይህን ሁሉ ለፍቼ! ቤቱን ሽንት ቤት አደረግከው!» አልኩት። መጋዝ ጅራቱን እግሩ መሃል አስገብቶ አልጋ ሥር ገባ። አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነበር። ሻዩን አልጠጣም።

አጠብኩት፣ ኮምጣጤ ደገምኩበት። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና። ሁልጊዜ ያው ወንበር፣ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ካለው እንቅልፍ ቀጥሎ። ሌላ ቦታ ጠብታ የለም። መጋዝን ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት፤ የለመደ ውሻ እንዲህ ሲመለስበት የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል አለች፣ ሽንቱን መረመረች። ንጹህ ነው። «ምናልባት ሽታው ስፖንጁ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ይቀይሩት» አለችኝ። ስፖንጅ መቀየር ሥራዬ ነው፤ ልባሱን ፈትቼ፣ አዲስ ቆርጬ፣ መልሼ ወጥሬ ሰጠሁት። አባዬ «ይበቃል፣ አታድክሚ ራስሽን» እያለ አጠገቤ ይመላለስ ነበር። ለእኔ አዝኖ መሰለኝ። ሱሪውንም በዚያ ሰሞን ራሱ ማጠብ ጀምሮ ነበር። እሱንም ለእኔ ማዘን አድርጌ ቆጠርኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲሉ፣ እኔ የምፈልገውን ሁሉ ውሻው ላይ ነበር የምፈልገው።

አዲሱ ስፖንጅ በረጠበ ቀን አልጮኽኩም። ደክሞኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ለባሌ ደወልኩ። «ትንሽ ታገሺ» አለኝ ከሩቅ፣ ከመሪው ጀርባ። ትዕግሥትን በስልክ መላክ ምን ያቅታል? ዘጋሁበት። ከዚያ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለውን መጋዘን የሚጠብቀውን ዘበኛ አገኘሁት፤ መጋዝን ባየው ቁጥር «እትዬ፣ ከሰለቸሽ ለእኔ» ይለኝ ነበር።

«ነገ ከሰዓት ና» አልኩት። «መጋዘን ውስጥ ሶፋ የለም፣ የፈለገበት ይሽና።»

ለአባዬ እራት ላይ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «የት ነው የሚያስተኛው?» አለ።

«ውሻ ነው አባዬ። የትም ይተኛል።»

«አዎ» አለ። «ካስቸገረ ይሄዳል።» የበላው ነገር የለም።

በነጋታው አባዬ አልወረደም። ሸሚዙን አልለበሰም። ወደ ጥንቱ ነገር ተመለሰ አልኩ፣ ግን ወጥቼ ልቀሰቅሰው አቅም አልነበረኝም። መጋዝን ከጠዋት ጀምሮ ከጠረጴዛዬ እግር ጋር አስሬ ሠራሁ። በሰዓቱ አወጣሁት፣ በሰዓቱ ሸና። አላመሰገንኩትም። ዓይኑ ግን ምስጋናውን ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ዘበኛው ከሰዓት መጣ፤ ገመድ ይዟል፣ ከኪሱ ዳቦ አወጣ። ጎንበስ ብሎ መጋዝ አንገት ላይ ሊያስር ሲል ደረጃው ተንቋቋ።

አባዬ እየወረደ ነበር። በአንድ እጁ የደረጃውን መደገፊያ ይዟል፣ በሌላው እቅፉ ውስጥ የወንበሩ መቀመጫ አለ፣ እኔ አዲስ ያደረግኩት፣ ደረቱ ላይ ለጥፎታል። ፒጃማው ከጉልበቱ በላይ ረጥቦ ጠቁሯል። ምን ሆኖ እንደሆነ ማንም ያያል። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ይቆማል፣ እግሩን ይፈልጋል፣ ይወርዳል።

ሰጋቱራው ላይ ደርሶ ቆመ። ዘበኛውን አላየውም፤ እኔን ነው ያየኝ።

«ይሄ አሁን ነው የረጠበው» አለኝ። «ውሻው ከጠዋት ጀምሮ ከአንቺ ጋር ነው።»

መጋዝ አባዬን አይቶ ጅራቱን መሬት ላይ ይመታል።

«ስተኛ አይታወቀኝም» አለ አባዬ። «ስነቃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁሉም የእኔ ነው። እሱ አንድም ቀን አላደረገውም።»

ዘበኛው ቀና አለ። ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ዳቦውን ግን ለመጋዝ ተወለት። «አባት፣ የእኔም አባት እንዲሁ ነበሩ፤ ሐኪም ቤት መድኃኒት አላቸው» አለና ለእኔ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶኝ ወጣ። በሩንም ዘጋልን።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ፤ እኔ ስደነግጥም እጮኻለሁ። «ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት፣ ስፖንጅ ቀየርኩ፣ እዚያው ቁጭ ብለህ እያየኸኝ! ለምን?»

አባዬ መቀመጫውን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው።

«እሱ ላይ ስትጮሂ እሰማ ነበራ» አለኝ። «አፍንጫውን ስትነክሪውም አይቻለሁ። ትንሽ ልጅ ነው፣ ገና መማር ይችላል፣ እሱን እንኳ ለዘበኛ ሰጠሽው። እኔ ከዚህ በኋላ አልማርም። እኔንስ ለማን ትሰጭኝ ይሆን እያልኩ ነው።»

ብዙ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሥራው ብዙ ነው፣ ባሌ የለም፣ ደክሞኛል፣ አንተን ማለቴ አልነበረም። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም መልስ አይሆንም። አባቴ ከፊቴ እንደ ተቀጣ ልጅ ቆሟል። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሰጋቱራው ላይ።

«ለማንም» አልኩት። «ለማንም አልሰጥህም።»

«አትጮሂብኝም?»

መዋሸት አልቻልኩም። ያውቀኛል፣ የወለደኝ እሱ ነው።

«እጮኻለሁ» አልኩት እንባዬ እየወረደ። «ግን አልሰጥህም።»

እቅፉን ላላ አደረገ፣ እኔም ሄጄ መቀመጫውን ከእጁ ተቀበልኩት። ከባድ ነበር፤ ገና አልቀዘቀዘም።